መልስ ያለው ቀልድ

ምዕራፍ ሰባት

ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ባልደረቦች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተዋል። ረቡዕ ነው። የጠረጴዛው ገሚስ ሽሮና ጎመን፣ ገሚሱ ሩዝና ቀይ ወጥ ይዟል። ወሬው የነገው ደመወዝ ነው። ሹፌሩ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ ወደ ገንዘብ ያዧ ዞረ።

«እሷ እኮ ትክክለኛ የሰፈሩ ልጅ ናት» አለ። «ሰፈሩ ጠመንጃ ያዥ፣ እሷ ገንዘብ ያዥ። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም።»

ገንዘብ ያዧ ቀና ሳትል መለሰች። «አንተስ ነዳጅ ያዥ አይደለህ? ብቻ አንተ የያዝከው መንገድ ላይ ይተናል።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ቢሮው ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት የቀራቸው ሒሳብ ሹም ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ቀልዱን አሻሻለው። ከተቀጠረች ሦስተኛ ሳምንቷን የያዘችው የ23 ዓመት ወጣት በሩን ስትገፋ ሁለት ጣቱን እንደ አፈሙዝ ደገነባት፤ «እጅ ወደ ላይ! ጠመንጃ ያዥ ገብተሻል፤ መታወቂያ!» ልጅቷ ሳቀች። እጇንም ትንሽ ከፍ አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምሳዋን ለብቻዋ፣ ኮምፒውተሯ ፊት መብላት ጀመረች።

ታሪኩ ለዚህ ምዕራፍ የተቀናበረ ምሳሌ ነው፤ ሰዎቹን የሚመስሉ ግን በየቢሮው አይጠፉም። ቀልደኛው አንድ፣ የቀልዱ ሥር አንድ፣ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ረቡዕ ቤቱን ያሞቀ ነገር ሐሙስ ጠዋት ሰው አባረረ። በምዕራፍ ሁለት «አንተ» እና «አንቱ» ሰዎችን እንዴት እንደሚያራርቁና እንደሚያቀራርቡ፣ ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ በስብሰባ ላይ ዝምታ ምን እንደሚናገር ታይቷል። ሁለቱ እዚህ ይገናኛሉ።

መኮርኮርና መቆንጠጥ

ቀልድ ለምን ያስቃል የሚለው ጥያቄ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያደክም ኖሯል። በቅርብ ጊዜ ከቀረቡት መልሶች አንዱ ለቢሮ ሰው በጣም ይጠቅማል። ፒተር ማግሮ እና ኬሌብ ዋረን የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አስረዱት። ሰው የሚስቀው አንድ ነገር ሥርዓት ሲጥስና ያው ነገር በዚያው ቅጽበት ጉዳት እንደሌለው ሲሰማው ነው። ጥሰት ከሌለ ቀልዱ አልጫ ይሆናል። ጥሰቱ ኖሮ ደህንነቱ ከጠፋ ደግሞ ስድብ፣ ዛቻ ወይም ነውር ይሆናል።

መኮርኮር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የሰው ጎን መንካት በመሠረቱ ጥቃት ነው፤ እናት ልጇን ስትኮረኩር ግን ልጁ እስኪንፈራፈር ይስቃል። ያው ልጅ ራሱን ቢኮረኩር አይስቅም፤ የተጣሰ ነገር የለምና። የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ ቢኮረኩረው ይጮኻል። ጣቱም ጎኑም ያው ነው፤ የተለወጠው የጣቱ ባለቤት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰዎች ስለ ቀልድ ከሚያስቡት ጋር ይጋጫል። «ይሄ ቀልድ ችግር አለው ወይስ የለውም?» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ እየገለባበጡ መመርመር የትም አያደርስም። ደህንነቱ ያለው ቃሉ ውስጥ ሳይሆን በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ነው። እንግዲህ ያ «መካከል» በምን ይለካል?

የታክሲ መልስ

ከሜክሲኮ ታክሲ የተሳፈረ ሰው መቶ ብር ሲሰጥ ረዳቱ መልስ አለው ወይስ የለውም የሚለው ቁም ነገር ይሆናል። ዝርዝር ካለ ማንም አይጣላም። ከሌለ «ቆይ ትንሽ» ይባላል፤ ከዚያ «ሲገኝ» ይባላል፤ ተሳፋሪው መውረጃው ሲደርስ ወይ ይጨቃጨቃል ወይ ብሩን ትቶ ይወርዳል። ትቶ የወረደው ሰው ዝም ያለው ስለተስማማ አይደለም። ቸኩሎ ነው፤ ወይም ሰው ፊት ስለ ዝርዝር መከራከር አሳፍሮት።

አማርኛ ለዝርዝሩም ለምላሹም አንድ ቃል መስጠቱ ለዚህ ምዕራፍ በጀ። የቀልድም ጥያቄ ያው የታክሲው ጥያቄ ነው፦ መልስ አለው? ማለትም፣ የተቀለደበት ሰው ያንኑ ያህል ቀልድ፣ እዚያው ወይም ነገ፣ ምንም ሳይከፍል መመለስ ይችላል? ገንዘብ ያዧ ችላለች። ነዳጅ ይተናል ያለችው ነገር ከሹፌሩ ቀልድ ቢሾል እንጂ የሚያንስ አይደለም፤ እሱም ተቀብሎ ሳቀ። ሒሳቡ ተዘጋ። አዲሷ ልጅ ግን ለሹፌሩ ምን ልትመልስለት ትችላለች? ዕድሜው ከእሷ በእጥፍ ይበልጣል፤ «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ» ገና አልወሰነችም፤ የሙከራ ጊዜዋም አላለቀም።

ይህን ልዩነት የሰው ልጅ ባህል አጥኚዎች ከቢሮ ውጭ ነው መጀመሪያ ያስተዋሉት። እንግሊዛዊው ራድክሊፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ በብዙ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ውስጥ የሚገኝ አንድ ልማድ ገለጸ። አንዳንድ ዘመዳሞች እርስ በርስ እንዲተራረቡ ይፈቀድላቸዋል፤ እንዲያውም ግዴታቸው ነው፤ ተተራቢውም መቀየም አይፈቀድለትም። ግንኙነቱንም በሁለት ከፈለው። በአንዱ ሁለቱም ይቀልዳሉ፤ በሌላው አንዱ ብቻ ይቀልድና ሌላው ይችለዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከዋርሳ ጋር የሚቀለደው ከአማት ጋር አይቀለድም። ዋርሳ ይመልሳል፤ አማት ፊት ግን እንኳን መቀለድ ጮክ ብሎ መሳቅም ይከብዳል።

ችግሩ ቢሮ ውስጥ ማን ዋርሳ፣ ማን አማት እንደሆነ የነገረን አለመኖሩ ነው። ስድስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ይከባል፤ መካከላቸው ሠላሳ አራት ዓመት ይኖራል፤ አንዱ አለቃ፣ አንዷ ጽዳት፣ አንዱ ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ፣ አንዷ ከተማ ከገባች ዓመት ያልሞላት። ሁሉም «ባልደረባ» ይባላሉ። ቃሉ እኩል ያደርጋቸዋል፤ መልስ የመስጠት አቅማቸው ግን እኩል አይደለም።

የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ያውቃል። ሰፈር ውስጥ ተረብ የራሱ ሕግ ነበረው፤ አሁንም አለው። የሚተርብ ይተረባል። መመለስ የማይችለውን፣ ሕፃኑን፣ ሐዘን ላይ ያለውን፣ እንግዳውን የሚተርብ ሰው ተራቢ አይባልም፤ ስሙ ይለወጣል። ቋንቋውም ለእያንዳንዱ ቃል አለው። ቀልድና ጨዋታ መልስ አላቸው። ፉገራም አለው። ሽሙጥና ለበጣ ላይ ስንደርስ መልሱ ይሳሳል፤ ሰውየው ምን እንደተባለ ለይቶ መያዝ ስለማይችል ምን ላይ እንደሚመልስም አያውቅም። «ሙድ ያዘብኝ» የሚል ሰው ደግሞ ገንዘቡን ትቶ የወረደው ተሳፋሪ ነው።

አለቃ ገብረ ሃና እስከ ዛሬ የሚወደዱት በዚህ ምክንያት ይመስላል። አህያ እየነዳች የምትሄድን ሴት «እንደምን አደራችሁ» ብለው እሷንም አህያዋንም በአንድ ሰላምታ እንዳጠቃለሉ ይተረካል። ቀልዱ ጨካኝ ነው። ነገር ግን በእሳቸው ስም ከሚተረኩት ጨዋታዎች መካከል አለቃ ራሳቸው በሴት፣ በልጅ ወይም በባላገር መልስ አፋቸውን የሚዘጉባቸው ጥቂት አይደሉም። ተራኪው ሕዝብ ሒሳቡን ለማመጣጠን የጨመራቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። አለቃን ያለ መልስ ብንተዋቸው ኖሮ እንደ ጨዋታ አዋቂ ሳይሆን እንደ ክፉ ሰው ይታወሱ ነበር።

ቀልድ ወደ ታች ይፈስሳል

ሮዝ ኮዘር የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 በአንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ማን በማን እንደሚቀልድ መዝግባ አሳተመች። ቀልዱን በብዛት የሚናገሩት ከፍተኛ ሐኪሞቹ ነበሩ፤ ዒላማቸውም ብዙውን ጊዜ ከእነሱ በታች ያሉት። የበታቾቹ ሲቀልዱ በታካሚዎች፣ በታካሚ ቤተሰቦች ወይም በራሳቸው ነበር፤ እዚያው በተቀመጠ አለቃ ላይ አይቀልዱም። ከስብሰባ አዳራሹ ውጭ እነዚሁ ወጣት ሐኪሞች ቀልደኞች እንደነበሩም አስተውላለች። አዳራሹ ውስጥ ግን ቀልድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል።

እኛ ዘንድ ውሃው ሁለት ቁልቁለት አለው፤ አንዱ ሥልጣን፣ ሌላው ዕድሜ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነገሩ ግልጽ ነው። ሲጋጩ ነው ሰው የሚሳሳተው። የ29 ዓመት ሥራ አስኪያጅ በ57 ዓመቱ ሒሳብ ሹም ላይ «ጋሼ ኮምፒውተሩን በካልኩሌተር ያጣሩታል» ብሎ ቢቀልድ በዕድሜ ወደ ላይ የቀለደ ይመስለዋል፤ ድፍረት እንጂ ጭቆና አይመስለውም። ጋሼ ግን ደመወዛቸውን የሚፈርመው ልጅ ላይ መልስ የላቸውም። መልስ ቢሰጡ «ሽማግሌው ተቆጣ» ይባላል። ባይሰጡ ያ ቀልድ ቅጽል ስም ሆኖ ሦስቱን ዓመት አብሯቸው ይኖራል። በተገላቢጦሽ ጋሼ በወጣቱ የፀጉር አቆራረጥ ቢቀልዱ ወጣቱ ሥልጣን ስላለው ብቻ መልስ አለው ማለት አይደለም፤ አስተዳደጉ አፉን ይይዘዋል። «አንቱ» ብሎ የሚጠራውን ሰው እንዴት ይተርባል? የምዕራፍ ሁለት አንባቢ እንደሚያስታውሰው የአክብሮት አጠራር መንገዱን በአንድ ወገን ይዘጋዋል።

ስለዚህ አንድ ቢሮ ውስጥ ማን በማን ላይ መቀለድ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ሠንጠረዥ ከማየት ይልቅ ለአንድ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ጆሮ ቢጥል ይሻለዋል። ሁለት ሰዎች ተለዋውጠው የሚተራረቡ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ቀልዱ ሁልጊዜ ከሀ ወደ ለ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ለ ምንም ያህል ይሳቅ፣ መንገዱ ዝግ ነው።

የሰፈሩ ስም

የሐሙስ ጠዋቱ ቀልድ ሌላም ስንጥቅ አለው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰፈሮቿ የተሰየሙት ብዙውን ጊዜ በሰፈሩባቸው ሰዎች ሥራ ነበር፤ ሠራተኛ ሰፈርና ገባር ሰፈር እንደሚመሰክሩት። ጠመንጃ ያዥም ከዚያው ዘመን የጦር አደረጃጀት የመጣ ስም ነው። ጠመንጃው ከቦታው ከጠፋ ብዙ ጊዜው ነው፤ ዛሬ ነዋሪው ስሙን ሲጠራ በዓይነ ልቦናው የሚመጣው ታክሲ መያዣ እንጂ አፈሙዝ አይደለም። አደገኛ የነበረ ቃል በጊዜ ብዛት ሲደርቅ ለቀልድ ይመቻል፤ «ያዥ» በሚለው ላይ ገንዘብም ነዳጅም የሚሰካው ለዚህ ነው።

ማግሮና ባልደረቦቹ ይህን የጊዜ ርቀት በአንድ አጋጣሚ ለመለካት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ ስለ ነፋሱ የተጻፉ ቀልዶችን በተለያየ ጊዜ ለሰዎች እያሳዩ ምን ያህል እንደሚያስቁ ጠየቁ። ነፋሱ ከመድረሱ በፊት ቀልዶቹ ያስቁ ነበር። ጉዳቱ ከታየ በኋላ ቀዘቀዙ። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሳቁ ጫፉ ላይ ደረሰ፤ ሦስት ወር ሲያልፍ ደግሞ ወረደ፤ ጥሰቱ ራሱ ደርቆ ነበርና። የቅርብ ቁስል አያስቅም፤ ሽሮ የሆነ ወሬም አያስቅም፤ መካከል ላይ አንድ የሚያስቅበት ወቅት አለ።

ቁጥሩን ወደ ራስ ቢሮ ገልብጦ አምስት ሳምንት መጠበቅ ግን ሞኝነት ነው። ጠረጴዛውን የከበቡት ስድስት ሰዎች አንድ ሰዓት አያነቡም። ለሹፌሩ ጠመንጃ የምኒልክ ዘመን ነገር ነው። አዲሷ ልጅ የመጣችው ካለፉት ዓመታት ጦርነት ከነካቸው አካባቢዎች ከአንዱ ነው። እሷ አፈሙዝ ተደግኖ «መታወቂያ» ስትባል የሰማችው ኬላ ላይ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ በሰልፍ ቆማ። ለእሷ ቀልዱ ውስጥ ያለው ጠመንጃ አልደረቀም። ሹፌሩ ይህን አያውቅም ነበር። ማወቅም አይጠበቅበትም ይሆናል፤ ሦስት ሳምንት አጭር ነው። አለማወቁን ግን ማወቅ ይችል ነበር።

ልደታ ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የቆዩ ቤቶች በሰፊው ፈርሰው ኮንዶሚኒየሞች ተተክተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ከተማዋ ደጋግማ ፈርሳ ተሠርታለች። «ወንበርህን አትልቀቅ፤ ለልማት ትፈርሳለህ» የሚል ቀልድ በየቢሮው ይነገራል። ጽዳት የምትሠራዋ እናት ጎረቤቶቿን ሁሉ በአንድ ክረምት ያጣች ከሆነች ቀልዱን በየትኛው ሰዓት እንደምትሰማው እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

በዘዬና በብሔር ላይ የሚነገሩ ቀልዶችም የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ያለፈ የአዲስ አበባ ሰዎች ታክሲ ውስጥና ሻይ ቤት ሲከፈቱ የሰሟቸውን የቀልድ ካሴቶች በፍቅር ያስታውሳሉ። የዚህን ወይም የዚያን አካባቢ ሰው አማርኛ አጠራር ማስመሰል ያኔ የተለመደ ነገር ነበር። እነሱ ዛሬ ያንን ሲደግሙ የሚሰማቸው የወጣትነት ትዝታ ነው። የ24 ዓመቱ ባልደረባቸው ግን ያደገው ብሔር በየዕለቱ ዜና በሆነበት ዘመን ነው። ለእሱ አጠራሩን ማስመሰል ትዝታ አይደለም፤ ወገን መለየት ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ያንኑ ቀልድ ከሁለት የተለያዩ ካሴቶች ነው የሚሰሙት።

ሳቋን አየሁ እኮ!

ሹፌሩን ብንጠይቀው መከላከያው ዝግጁ ነው፦ ስቃለች። ይህ መከላከያ ግን ደካማ ነው። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ሰዎች በገበያ አዳራሽና በመንገድ ላይ ሲጫወቱ 1,200 ያህል የሳቅ አጋጣሚዎችን መዝግቦ ከሳቁ በፊት ምን እንደተባለ አጠና። ለቀልድ የሚቀርብ ነገር የተገኘው ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር። የቀረው ሳቅ የተከተለው «እሺ በቃ እንገናኝ» የመሰለ ተራ ነገርን ነው። ሌላም ነገር አገኘ፤ ከሰሚው ይልቅ ተናጋሪው ራሱ አብዝቶ ይስቃል። ሳቅ በዋናነት የሚለው «ከአንተ ጋር ነኝ» ነው። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ከማንም በላይ ይህን ማለት ይፈልጋል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ከሳቁ ይልቅ ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ማየት ይሻላል። ቀልዱ የተመቸው ሰው ላዩ ላይ ይጨምራል፤ ያራዝመዋል፣ ያጣምመዋል፣ ይመልሰዋል። ገንዘብ ያዧ ያደረገችው ይህን ነው። ያልተመቸው ሰው ስቆ ያቆማል፤ ርዕስ ይቀይራል፤ ዕቃ ያነሳል፤ ስልኩን ይከፍታል። ጠረጴዛው ላይ ሌሎቹ ከመሳቃቸው በፊት ወደ ተቀለደበት ሰው ወይም ወደ አለቃው ፊት ሰረቅ አድርገው ካዩ ፈቃድ እየጠየቁ ነው ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ የት ይቀመጣል? ምሳ ለብቻ መብላት አገራችን ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም።

በቴሌግራም የተላከ ፉገራ

የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ይጠፋሉ። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሰዎች ምጸትና ቁም ነገር የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን በኢሜይልና በድምፅ እንዲያስተላልፉ አደረጉ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ተቀባዩ 78 በመቶውን በትክክል ይለየዋል ብለው ገመቱ። በድምፅ የተላለፈው 73 በመቶ ተለየ። በጽሑፍ የተላለፈው 56 በመቶ ብቻ። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 በመቶ ያስገኛል። ላኪው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ በጆሮው ይሰማል፤ ተቀባዩ ፊደሉን ብቻ ያያል።

ጽሑፍ ላይ ሁለተኛ ጉድለትም አለ። ምሳ ጠረጴዛ ላይ የተባለ ነገር ሰሚዎቹ አምስት ናቸው፤ ተናጋሪው ያያቸዋል። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ግን ተላልፎ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ያልታየ ሰው ደግሞ መልስ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ከጨዋታ ወደ ሕግ የሚሻገሩ ነገሮችም እዚህ ማስረጃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ሥርጭትን ያካትታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም በቃል የሚፈጸመውንም ጨምሯል፤ ድርጊቱን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ሁሉም ያልተመቸ ቀልድ እዚያ አይደርስም። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ያሉት አበው ሕግ አልነበራቸውም፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ ነገር አልነበረም።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላ

ሹፌሩን የነገረችው ገንዘብ ያዧ ናት። ሰው ፊት አልነገረችውም፤ ደረጃ ላይ ጠብቃ «ልጅቷ የመጣችበትን ታውቃለህ?» ብቻ ነው ያለችው። ሹፌሩ መጀመሪያ «እኔ ምን አልኩ?» አለ። ከዚያ ዝም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች ሁለተኛ ስህተት ይሠራሉ። በተሰበሰበ ሰው ፊት «ይቅርታ፣ አንቺ እንደዚያ መሆንሽን አላወቅኩም» ይላሉ። ይህ ይቅርታ ልጅቷ ልትናገረው ያልፈለገችውን ነገር ለጠረጴዛው ሁሉ ያውጃል፤ መልስም የለውም፤ ሰው ፊት ይቅርታ የተጠየቀ ሰው «ኧረ ምንም አይደል» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖረውምና። «ቀልድ እኮ ነው፤ አትቀየሚ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ቀልዱ ራሱ ያልተመለሰ ሒሳብ ሆኖ ሳለ እሷኑ ባለዕዳ ያደርጋታል። ሹፌሩ ያደረገው ቀላል ነበር። ለብቻዋ ሲያገኛት «የዛ ቀኑ ቀልዴ አላማረኝም፤ አልደግመውም» አላት፤ ምክንያት አልጠየቀም፤ መልስም አልጠበቀም። ጣት መደገኑን ተወው። «ያዥ» በሚለው ላይ ግን ከገንዘብ ያዧ ጋር መተራረባቸው ቀጠለ፤ የሚተውበት ምክንያትም አልነበረም።

በዚህ መካከል ጠረጴዛው ላይ በብዛት የሚቀለድበት ነገር ሊፍቱ ሆነ። ሊፍቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፤ አራተኛ ፎቅ ለጋሼም ለሥራ አስኪያጁም ለጽዳቷም እኩል ሩቅ ነው። ሁሉም እየተነፈሰ የሚደርስበት ቀልድ መልስ ሰጪ አይፈልግም። ይሁንና ይህም ወሰን አለው፤ በሊፍትና በመብራት ብቻ የሚቀልድ ቢሮ ሰዎቹ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው፤ ትውውቅ ሲመጣ ቀልዱ ወደ ሰው መጠጋቱ አይቀርም።

ልጅቷ ወደ ምሳ ጠረጴዛው የተመለሰችው ወዲያው አልነበረም። መጀመሪያ በዓርብ ብቻ መጣች፤ በኋላ በሌሎቹም ቀናት። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ገንዘብ ያዧ የዓመት ፈቃድ ወጥታ ልጅቷ መስኮቱ ላይ ተተካች። ሹፌሩ የመስክ ውሎ አበሉን ሊወስድ መጣ። ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሳለፈላት። አነበበችው፤ ፊርማውን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ፣ «መታወቂያ» አለችው።

ሹፌሩ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ቦርሳውን ከፈተ፤ መታወቂያውን አወጣ፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ነው ፊቷን ቀና ብሎ ያየው።